«አዎ» የሚል፣ «አይደለም» የማይል ማሽን

በኦክቶበር 1996 ከቺካጎ ወጣ ብሎ በሚገኘው የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ አንድ ኮምፒውተር ስምንት ቀን ያህል ሌትና ቀን ሲሠራ ሰንብቶ ቆመ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዊሊያም መኩን የተባለው ተመራማሪ ለማሽኑ የሰጠው ሦስት አጫጭር የአልጀብራ ሕጎችን ነበር። ጥያቄው ደግሞ፣ እነዚህን ሦስት ሕጎች የተቀበለ ሰው የቡል አልጀብራ የሚባለውን ሥርዓት በሙሉ ለመቀበል ይገደዳል ወይስ አይገደድም የሚል ነው። ጥያቄውን በ1930ዎቹ ያነሳው ኸርበርት ሮቢንስ ነው። ስመ ጥሩው የአመክንዮ ሊቅ አልፍሬድ ታርስኪም ለተማሪዎቹና ለእንግዶቹ እየሰጠ ሲያስሞክራቸው ኖሯል። ስድሳ ዓመት ያህል የፈታው ሰው አልተገኘም። ኮምፒውተሩ ግን ፈታው፤ መልሱም «አዎ፣ ይገደዳል» የሚል ነበር።

እኔን ከስምንተኛው ቀን ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሰባተኛው ነው። በሰባተኛው ቀን አንድ ሰው መጥቶ «ይህ ማሽን ነገ ይቆማል ወይስ እስከ ዓለም ፍጻሜ እንዲህ ሲሠራ ይኖራል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚመልስለት አልነበረም። መኩን ሥራውን የማያውቅ ሰው ስለሆነ ወይም ማሽኑ ደካማ ስለነበር አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልሱ «አዎ» ከሆነ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ «አይደለም» ከሆነ ግን ምንም መልስ ላይመጣ ይችላል። ይህን ጉድለት የሚሞላ ማሽን ማንም ሊሠራ እንደማይችል ደግሞ በ1936 በሒሳብ ተረጋግጧል።

ነገሩ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ከቀላሉ እንጀምር።

መንደራችን ውስጥ አንድ ወፍጮ አለ እንበል። አንድ ሰው እንዲህ ሲል ይከራከራል፦ «መብራት ከመጣ ወፍጮው ይሠራል። ወፍጮው ከሠራ ጤፉ ይፈጫል። ጤፉ አልተፈጨም። ስለዚህ መብራት አልመጣም።» ይህ ክርክር ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም? የማይፈርስ ክርክር ማለት መነሻዎቹ ሁሉ እውነት ሆነው ድምዳሜው ሐሰት የሚሆንበት አንድም ሁኔታ የሌለው ነው። የአመክንዮ ሰው ስለ ወፍጮው ምንም ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሊኖሩ የሚችሉትን ሁኔታዎች ብቻ ይደረድራል። ሦስት ነገሮች አሉ፤ መብራቱ፣ ወፍጮውና ጤፉ። እያንዳንዳቸው ሆነዋል ወይም አልሆኑም። ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ስምንት ሁኔታ ማለት ነው።

አሁን ስምንቱን እንፈትሽ። «ጤፉ አልተፈጨም» የሚለው መነሻ ጤፉ የተፈጨባቸውን አራት ሁኔታዎች ይጥላል። ከቀሩት አራት ውስጥ ወፍጮው የሠራባቸው ሁለቱ «ወፍጮው ከሠራ ጤፉ ይፈጫል» ከሚለው ጋር ይጋጫሉ፤ እነሱም ይውደቁ። ሁለት ቀሩ። በአንደኛው መብራት መጥቷል፣ ወፍጮው ግን አልሠራም፤ ይህ ደግሞ የመጀመሪያውን መነሻ ይጥሳል። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ መብራት የለም፣ ወፍጮው አልሠራም፣ ጤፉም አልተፈጨም። እዚያ ውስጥ ድምዳሜው እውነት ነው። ስለዚህ ክርክሩ አይፈርስም።

ሰውዬው ተገልብጦ «ጤፉ ተፈጭቷል፣ ስለዚህ መብራት መጥቷል» ቢል ኖሮ፣ ከስምንቱ መካከል ማፍረሻ እናገኝ ነበር፤ መብራት ጠፍቷል፣ ወፍጮው በናፍጣ ሠርቷል፣ ጤፉም ተፈጭቷል። ሁለቱም ሕጎች አልተጣሱም፤ ድምዳሜው ግን ሐሰት ነው።

ይህ ሥራ ብልህነት አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል። ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ሠንጠረዡን ይሞላዋል። ኤሚል ፖስት በ1921 ባሳተመው ጽሑፍ ይህ የሠንጠረዥ ዘዴ በሙሉ ነገሮችን «እና»፣ «ወይም»፣ «ከሆነ» እና «አይደለም» በሚሉ ቃላት ብቻ የሚያያይዘውን አመክንዮ ጠቅልሎ እንደሚይዝ አሳየ። የፕሮፖዚሽን አመክንዮ የሚባለው ይህ ነው። ስንት ዓረፍተ ነገር እንዳለ ከተቆጠረ፣ ስንት ረድፍ መፈተሽ እንዳለበት ሥራው ሳይጀመር ይታወቃል። ለ10 ዓረፍተ ነገር 1,024 ረድፍ ነው፤ ለ30 ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል።

እርግጥ ነው፣ ቁጥሩ በፍጥነት ያድጋል። አንድ መቶ ዓረፍተ ነገር ያለበትን ክርክር በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ረድፍ በሚፈትሽ ማሽን ብንሞክር 40 ትሪሊዮን ዓመት ያህል ይፈጃል። ከዚህ የተሻለ፣ ለሁሉም ክርክር ሁልጊዜ ፈጣን የሆነ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም። ለብዙ እውነተኛ ችግሮች ግን ብልህ ፕሮግራሞች ረድፉን ሁሉ ሳይነኩ ይዘልቃሉ። በ2016 ሦስት ተመራማሪዎች በቴክሳስ ባለ ሱፐር ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ዓይነት ችግር ፈትተዋል። ሦስት ሙሉ ቁጥሮች 3፣ 4 እና 5 እንዳላቸው ዓይነት ዝምድና ካላቸው (የመጀመሪያው ስኩዌርና የሁለተኛው ስኩዌር ሲደመሩ የሦስተኛውን ስኩዌር ከሰጡ) ሦስቱም አንድ ዓይነት ቀለም እንዳይኖራቸው አድርጎ ቁጥሮችን ሁሉ ቀይና ሰማያዊ መቀባት ይቻላል ወይ የሚል ነበር። እስከ 7,824 ድረስ ይቻላል፤ 7,825 ሲደርስ አይቻልም። «ቁጥር 1 ቀይ ነው»፣ «ቁጥር 2 ቀይ ነው» እያልን ብንሄድ፣ የሠንጠረዡ ረድፍ ብዛት ራሱ 2,356 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። እነሱ ግን በ800 ያህል ፕሮሰሰር በሁለት ቀን ገደማ ጨረሱት፤ ማረጋገጫው 200 ቴራባይት ያህል ቦታ ያዘ።

ይህን ከመኩን ጋር አስተያዩት። የቴክሳሱ ሥራ በመጠን እጅግ ይበልጣል፤ ቢሆንም መጨረሻ እንዳለው ከመጀመሪያው ይታወቅ ነበር። «አዎ»ም ይሁን «አይደለም» አንዱ መምጣቱ አይቀሬ ነው፤ ረድፉ ያልቃልና። የመኩን ማሽን ግን የሚያልቅ ሠንጠረዥ አልነበረውም።

ልዩነቱን የሚያመጡት ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ሁሉም» እና «አለ»።

የወፍጮው ክርክር ዓረፍተ ነገሮችን እንዳሉ፣ እንደ ጡብ ይወስዳቸው ነበር። ብዙው የሰው አስተሳሰብ ግን ወደ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይገባል፤ ማን ማንን ያውቃል፣ የቱ ከየቱ ይበልጣል እያለ። ይህን የሚይዘው አመክንዮ የመጀመሪያ ደረጃ አመክንዮ ይባላል። የአማርኛችን አንድ ዓረፍተ ነገር ለዚህ ጥሩ በር ይከፍታል፦ «ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሰው አለ።» ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው፣ መንደሩ በሙሉ የሚያውቀው አንድ የታወቀ ሰው አለ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ የሚያውቀው ሰው አለው ማለት ነው። በንግግር ላይ ድምፃችንና አጋጣሚው ይለዩልናል፤ አመክንዮ ግን ለይታችሁ ጻፉ ይላል።

ከመጀመሪያው ሁለተኛው ይከተላል? ማሽን እንዴት እንደሚሠራው እንይ። ድምዳሜውን ይክድና ክህደቱ ወደ ቅራኔ ይመራው እንደሆነ ይሞክራል። ሁሉም የሚያውቀው ሰው አለ ተብሏል፤ ታዬ እንበለው። ድምዳሜው ይካድ፤ እንግዲያው ማንንም የማያውቅ ሰው አለ፤ ሐና እንበላት። ሁሉም ታዬን ያውቃል፤ ሐናም ከሁሉም አንዷ ናት፤ ስለዚህ ሐና ታዬን ታውቃለች። ግን ማንንም አታውቅም ብለን ነበር። ቅራኔ! ማሽኑ በሁለት ስም ብቻ ጨርሶ ይቆማል፤ መልሱም «አይፈርስም» ነው።

አሁን ገልብጠን እንሞክር። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው ሰው አለው፤ ስለዚህ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሰው አለ። ማሽኑ እንደ ቅድሙ ድምዳሜውን ይክዳል፤ ማንም ይሁን፣ እሱን የማያውቅ ሰው አለ ማለት ነው። ከሐና ይጀምር። ሐና የምታውቀው ሰው አለ፤ በላይ እንበለው። ሐናን የማያውቅ ሰው አለ፤ ጫልቱ እንበላት። አሁን በላይም የሚያውቀው ሰው ሊኖረው ነው፤ አዲስ ስም። በላይን የማያውቅ ሰውም አለ፤ ሌላ አዲስ ስም። ለጫልቱም ሁለት። የተወለደው ስም ሁሉ ሌላ ሁለት ስም ይወልዳል፤ ቅራኔ ግን የለም። ማሽኑ ስም ሲያወጣ ይኖራል እንጂ አይቆምም።

እዚህ ቦታ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። «ለእያንዳንዱ ... አለ» የሚለው አነጋገር አዲስ ነገር የሚወልድ አፍ ነው። የወፍጮው ክርክር ሦስት ነገር ይዞ ጀምሮ በሦስት ነገር ጨረሰ። እዚህ ግን ፍተሻው ራሱ የሚፈተሸውን ያበዛል።

አንባቢ «እኔ እኮ መልሱን አሁኑኑ አውቀዋለሁ» ይል ይሆናል። ትክክል ነው። ሁለት ሰው ብቻ ያሉበትን መንደር አስቡ፤ ሁለቱም የሚያውቁት ራሳቸውን ብቻ ነው። እያንዳንዱ የሚያውቀው ሰው አለው፤ ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ሰው ግን የለም። ክርክሩ ፈረሰ። እንግዲያው ማሽኑን ሁለት ሥራ እንስጠው፤ በአንድ እጁ ቅራኔ ይፈልግ፣ በሌላው እጁ ደግሞ አንድ ሰው ያለበትን መንደር፣ ሁለት ሰው ያለበትን፣ ሦስት ሰው ያለበትን እያለ ማፍረሻ ይፈልግ። ይህ አይበቃም?

አይበቃም። ይህን ክርክር ተመልከቱ፦ «ማንም የራሱ ታላቅ አይደለም። የታላቄ ታላቅ የእኔም ታላቅ ነው። ስለዚህ ታላቅ የሌለው ሰው አለ።» በሦስት ሰው መንደር እንሞክረው። ማፍረሻ እንዲሆን ለሁሉም ታላቅ ያስፈልጋል። የአበበ ታላቅ ከበደ ነው፣ የከበደ ታላቅ ለማ ነው። ለለማስ ማን ይምጣለት? ከሦስቱ ውጪ ሰው የለም። አበበን ብናደርገው ዞሮ አበበ የራሱ ታላቅ ይሆናል፤ ይህ ተከልክሏል። ከበደን ብናደርገው ከበደ የራሱ ታላቅ ይሆናል። በሦስት አይሆንም፤ በሺህ ሰውም በሚሊዮን ሰውም አይሆንም፤ ሁልጊዜ ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ያልቃል ወይም ይዞራል። ሆኖም ክርክሩ ይፈርሳል። 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያሉ የሚሄዱትን ቁጥሮች ውሰዱና «ታላቅ» ማለት «የሚበልጥ ቁጥር» ይሁን። ማንም ቁጥር ከራሱ አይበልጥም፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ግን የሚበልጠው አለ። ማፍረሻው ማለቂያ በሌለው ዓለም ውስጥ ብቻ ይኖራል። ባለ ሁለት እጁ ማሽናችን በአንድ እጁ ቅራኔ አያገኝም፣ በሌላው እጁ መንደር አያገኝም፤ ሁለቱንም ለዘላለም ሲፈልግ ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ መልካም ዜና አለ፤ ባለቤቱም ኩርት ገደል የተባለው የ23 ዓመት ወጣት ነው። በ1929 ቪየና ላይ ለዶክትሬቱ ባቀረበው ሥራ፣ በመጀመሪያ ደረጃ አመክንዮ የማይፈርስ ክርክር ሁሉ በጥቂት የታወቁ ደንቦች የሚጻፍ፣ የሚያልቅ ማረጋገጫ እንዳለው አሳየ። (ይህን ሥራ ከሁለት ዓመት በኋላ ካወጣው ከታዋቂው የኢምሉዕነት ውጤት ጋር የሚያደበላልቁት ብዙ ናቸው፤ ይኼኛው የምሉዕነት ውጤት ነው።) ማረጋገጫ የምልክቶች ሰልፍ ነው። ስለዚህ ማሽኑ አጫጭሮቹን ሰልፎች አስቀድሞ፣ ረጃጅሞቹን አስከትሎ አንድ በአንድ ሊያወጣቸውና እያንዳንዱ ትክክለኛ ማረጋገጫ መሆኑን ሊፈትሽ ይችላል። ክርክሩ የማይፈርስ ከሆነ አንድ ቀን ማረጋገጫው ላይ ይደርሳል። «በግማሽ የሚወሰን» ማለት ይህ ነው፤ «አዎ»ው ዋስትና አለው፣ «አይደለም» ግን ዋስትና የለውም።

ምናልባት ሌላ፣ ከእነዚህ ሁሉ የረቀቀ ማሽን «አይደለም»ንም ቢያረጋግጥስ? የታላቅነቱን ክርክር እኛ በቁጥር አፈረስነው እኮ፤ ማሽንም ይህን ዘዴ ሊማር ይችላል። ዴቪድ ሂልበርትና ቪልሄልም አከርማን በ1928 ባሳተሙት መጽሐፍ የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ማንኛውንም የመጀመሪያ ደረጃ አመክንዮ ክርክር ወስዶ ሁልጊዜ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ የሚቆም ስልት ይገኝ ይሆን? የአመክንዮ ዋናው ችግር ይህ ነው አሉ።

በ1936 ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከሩ፣ አይገኝም ብለው መለሱ። ፕሪንስተን የነበረው አሎንዞ ቸርች ጥቂት ወራት ቀደመ። ካምብሪጅ የነበረው አላን ቱሪንግ ጽሑፉን ያስገባው በሜይ ወር ነው፤ 24 ዓመት አልሞላውም ነበር። የቱሪንግ መንገድ ለማንም ሊገባ የሚችል ስለሆነ እሱን እንከተል። እሱ በዋናው ጽሑፉ ማሽኑ አንድን ምልክት መቼም ይጽፋል ወይ ብሎ ነው የጠየቀው፤ ዛሬ በሚያስተምሩበት መልክ ግን ጥያቄው «ማሽኑ መቼም ይቆማል ወይ?» የሚል ነው።

ማንኛውንም ፕሮግራምና የሚሰጠውን ግብዓት አይቶ «ይቆማል» ወይም «አይቆምም» የሚል የማይሳሳት ዳኛ አለ እንበል። በዚህ ዳኛ ተጠቅመን አንድ እንቢተኛ ፕሮግራም እንጻፍ። እንቢተኛው የሌላ ፕሮግራም ጽሑፍ ሲሰጡት ዳኛውን «ይህ ፕሮግራም የራሱ ጽሑፍ ቢሰጠው ይቆማል?» ብሎ ይጠይቃል። ዳኛው «ይቆማል» ካለ እንቢተኛው ሆን ብሎ ማቆሚያ በሌለው ዙር ውስጥ ይገባል። «አይቆምም» ካለ ወዲያው ይቆማል። አሁን ለእንቢተኛው የራሱን ጽሑፍ እንስጠው። ዳኛው «ይቆማል» ቢል አይቆምም፤ «አይቆምም» ቢል ይቆማል። ዳኛው የግድ ተሳሳተ። የማይሳሳት ዳኛ ብለን ስለጀመርን፣ እንዲህ ያለ ዳኛ የለም ማለት ነው።

ይህ ከአመክንዮ ጋር ምን አገናኘው? ቱሪንግ ያየው ትልቁ ነገር፣ የማንኛውም ማሽን አሠራር በ«ሁሉም» እና በ«አለ» ሊጻፍ እንደሚችል ነው። ከመነሻዎቹ አንዱ «ለእያንዳንዱ ቅጽበት ቀጣይ ቅጽበት አለ» ይላል፤ ያ ወላድ አፍ እዚህም መጣ። ሌላው ማሽኑ ሲጀምር ምን ላይ እንደነበር ይናገራል። ሌሎቹ የማሽኑ ትእዛዞች ናቸው፤ ለምሳሌ «በማንኛውም ቅጽበት ማሽኑ ሦስተኛው ሁኔታ ላይ ሆኖ በፊቱ ባለው ሣጥን ውስጥ 1 ካየ፣ በቀጣዩ ቅጽበት 1ን አጥፍቶ አንድ ሣጥን ወደ ቀኝ ሄዷል።» ድምዳሜው አንድ ነው፤ «ማሽኑ የቆመበት ቅጽበት አለ።»

ማሽኑ በእርግጥ የሚቆም ከሆነ ክርክሩ አይፈርስም፤ ከመጀመሪያው ቅጽበት ተነስተን ትእዛዞቹን ደረጃ በደረጃ ብንከተል እስከ መቆሚያው እንደርሳለን፤ ማረጋገጫው ያ ነው። የማይቆም ከሆነ ደግሞ የማሽኑ ማለቂያ የሌለው ሩጫ ራሱ ማፍረሻ ነው፤ መነሻዎቹ ሁሉ ይሟሉበታል፣ የቆመበት ቅጽበት ግን የለም። እንግዲህ ክርክሮችን ሁሉ የሚወስን ስልት ቢኖር፣ ይህንኑ ክርክር እየሰጠነው የትኛው ማሽን እንደሚቆም ያሳውቀን ነበር፤ የሌለውን ዳኛ ፈጠርን ማለት ነው። ስለዚህ ስልቱም የለም።

አንድ ምሳሌ የዚህን ክብደት ያሳያል። ክርስቲያን ጎልድባኽ በ1742 ለኦይለር በጻፈው ደብዳቤ ያነሳው ግምት ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ፣ ከ2 የሚበልጥ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነው ይላል፤ 10 የ3 እና የ7 ድምር ነው፣ 28 የ5 እና የ23። እስከ 4 ኩዊንቲሊዮን (4 እና 18 ዜሮ) ድረስ በኮምፒውተር ተፈትሾ አልከሸፈም፤ ግን አልተረጋገጠም። ተጋማሽ ቁጥሮችን በተራ እየፈተሸ፣ የሚከሽፍ ሲያገኝ ብቻ የሚቆም አጭር ፕሮግራም ማንም ተማሪ ይጽፈዋል። የሂልበርት ስልት ቢኖር ኖሮ ይህ ፕሮግራም ይቆም እንደሆነ ጠይቀነው የጎልድባኽን ነገር በአንድ ከሰዓት እንጨርሰው ነበር።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። «ማረጋገጫ ካለ ይገኛል ካላችሁ፣ ረጅም ጊዜ ጠብቀን ካልተገኘ የለም ብንልስ?» ይላሉ። ይህ የሚሠራው የማረጋገጫውን ርዝመት አስቀድሞ የሚገድብ ስሌት ካለ ነው፤ ለምሳሌ «ክርክሩ መቶ ምልክት ካለው ማረጋገጫው ከዚህ ቁጥር አይረዝምም» የሚል። እንዲህ ያለ ሊሰላ የሚችል ገደብ ቢኖር እስከ ገደቡ ፈልገን «አይደለም» እንል ነበር፤ ያኔ ሁሉም ክርክር ይወሰን ነበር፤ ቸርችና ቱሪንግ ደግሞ ይህ እንደማይሆን አሳይተዋል። ስለዚህ ገደቡን የሚሰጥ ምንም ስሌት የለም። ምንም ያህል ግዙፍ ቁጥሮችን የሚያወጣ ቀመር ብታመጡ፣ ማረጋገጫቸው ከቀመሩ ቁጥር የሚረዝም አጫጭር ክርክሮች አሉ። የመኩን ሰባተኛ ቀን የሚያስጨንቀው ለዚህ ነው፤ ሰባት ቀን ወይም ሰባት ሺህ ዓመት መጠበቅ በራሱ የሚነግረን ነገር የለም።

ድንበሩ የት ላይ እንደሆነም በደንብ ይታወቃል። ሊዮፖልድ ለወንሃይም በ1915 እንዳሳየው፣ ክርክሩ ስለ ነገሮች ባሕርይ ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ «ሁሉም ሰው ሟች ነው» እንደሚሉት የአርስቶትል ክርክሮች ዓይነት ከሆነ፣ «ሁሉም» እና «አለ» ቢኖሩበትም ይወሰናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሦስት ባሕርያት ብቻ ካሉ በዓለም ላይ ስምንት ዓይነት ነገር ብቻ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ማፍረሻ ካለ ቢበዛ ስምንት ነዋሪ ባለው መንደር ውስጥ ይገኛል፤ መንደሮቹን ሁሉ ፈትሾ መጨረስ ይቻላል። ማለቂያ ወደሌለው ዓለም የሚያስገባን «ያውቃል»፣ «ይበልጣል» እንደሚሉት ሁለት ነገሮችን የሚያገናኝ ቃል ነው። እንዲህ ያለ አንድ ቃል ብቻ መኖሩ ውሳኔውን ለማሳጣት ይበቃል።

ዛሬ ቫምፓየር እና ኢ የሚባሉ የማረጋገጫ ፈላጊ ፕሮግራሞች በዚህ ድንበር ላይ ይሠራሉ። ተጠቃሚው ክርክሩን ጽፎ የጊዜ ገደብ ራሱ ይወስናል፤ አምስት ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሞቹ ውጤታቸውን በአንድ የጋራ አጻጻፍ ያሳያሉ። `Theorem` ከታየ ክርክሩ አይፈርስም፤ ማረጋገጫው ተገኝቷል። `CounterSatisfiable` ከታየ ይፈርሳል፤ ማፍረሻ መኖሩ ታውቋል። `Timeout` ከታየ ግን የተሰጠው ጊዜ አለቀ ማለት ብቻ ነው። ይህን ቃል ስታዩ «ክርክሩ ፈርሷል» ብላችሁ አትጻፉ።